የሆቴል ባለቤት በአዲስ ሬስቶራንት ምረቃ ላይ የሚያደርጉት የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የሆቴልና የሬስቶራንት ምረቃዎችን መድረክ መምራት ነው። ግንባታው ያልቃል፣ ወንበርና ጠረጴዛው ይገባል፣ የጥሪ ካርዱ ይበተናል፤ የባለቤቱ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚታሰበው። ያን ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ የሚጠየቁኝ ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቹን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ለምሳሌ የወሰድኩት ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ያለ፣ ነባር ሆቴሉ ላይ አዲስ ሬስቶራንት የጨመረ መካከለኛ ሆቴል ነው። ሌላ ከተማ ላለ ሰው የሚለወጠውን እግረ መንገዴን እጠቁማለሁ።

ንግግሩ ስንት ደቂቃ ይሁን?

ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሰከነ አነጋገር በአማርኛ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ቃል ገደማ ይነገራል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ 400 ቃል ከሞላ ጠግቧል ማለት ነው። ከእርስዎ በኋላ የክብር እንግዳው ይናገራሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል። እንግዳው ደግሞ ካርዱ ላይ ካለው ሰዓት ቀድሞ የመጣም፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣም ይኖርበታል። ጮክ ብለው አንብበው በሰዓት ይለኩት። በዓይን ማንበብ አያዋጣም፤ በዓይን ሲያነቡት ሁልጊዜ ያጥራል።

ምን ምን ልበል? ስለ ግንባታው ወጪ፣ ስለ ካሬ ሜትሩ፣ ስለ ፈጠርነው የሥራ ዕድል ልናገር?

በእኔ እምነት ብዙው ንግግር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ማይክ ሲይዙ ጋባዥነታቸውን ይረሱና ሪፖርት ያቀርባሉ። መቼ ፈቃድ እንደወጣ፣ ብረት ስንት ጊዜ እንደተወደደ፣ ካሬ ሜትሩ ስንት እንደሆነ፣ ከባንክ ስንት ብር እንደተበደሩ ይዘረዝራሉ። ይህ ሁሉ ውሸት ወይም አሳፋሪ ነገር አይደለም። ግን እንግዳው የመጣው ሊቀመጥ፣ ሊበላ፣ ሊመርቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቤቱ ስፋት ሲነገረው ምንም አያገኝም፤ ዓይኑ እያየው ነውና።

ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ጽፈው ለጋዜጠኞችና ለከተማው አስተዳደር የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ይስጡ። የክብር እንግዳው ስለ ኢንቨስትመንትና ስለ ሥራ ዕድል መናገራቸው ስለማይቀር ያ ገጽ ከንግግራቸው በፊት እጃቸው ይግባ። ቁጥሩ ከእርስዎ አፍ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ክብደት አለው።

ለእርስዎ የሚቀሩት አራት ነገሮች ናቸው። እንግዳውን መቀበል፣ ሊመሰገኑ የሚገባቸውን ማመስገን፣ አዲሱ ክፍል ለሚገባበት ሰው ምን እንዳለው በዝርዝር መናገር፣ ከዚያም ወደ ማዕድ መጋበዝ። ሦስተኛው ላይ ይቆዩበት። «ዘመናዊና ደረጃውን የጠበቀ ሬስቶራንት» የሚለው አባባል ከየትኛውም ምረቃ ስለሚሰማ ማንም አያስታውሰውም። «በስተግራ ያለው መግቢያ ደረጃ የለውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ያለ ረዳት ይገባል» ወይም «አሳው በየጠዋቱ ከዓሣ አስጋሪዎች የሚገዛ ነው፤ ያለቀ ቀን አለቀ እንላለን» ቢሉ ግን ሰው ቤቱ ሄዶ ያወራዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮከብ ገና ያልተሰጠውን ክፍል በኮከብ አይጥሩ። ነባሩ ሆቴል ደረጃ ካለው የተመደበው ያኔ በነበረበት ሁኔታ ነው። መጥቶ የሚሰማዎት የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

የእንግዶቹን ማዕረግ በምን ቅደም ተከተል ልጥራ?

ካርዱ ላይ የክብር እንግዳ ተብለው የተጻፉት ይቀድማሉ። ቀጥሎ የሃይማኖት አባቶች፣ የአስተዳደር ኃላፊዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ከዚያ «ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን» ብሎ መጠቅለል ነው። አንዳንድ ቤት የሃይማኖት አባቶችን ከሁሉም ያስቀድማል፤ ሊቀ ጳጳስ ከተገኙ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ከአምስት ስም በላይ አይጥሩ። ስድስተኛውን ሲጠሩ ሰባተኛው ይጠብቃል፤ ስምንተኛው ሳይጠራ ሲቀር ይቀየማል።

ማዕረጉን ራሳቸውን ወይም ጸሐፊያቸውን ጠይቀው ይጻፉ። ከንቲባና ሚኒስትር «ክቡር» ወይም «ክብርት» ይባላሉ፤ የምክር ቤት አባል «የተከበሩ» ናቸው፤ ሊቀ ጳጳስ «ብፁዕ» ይባላሉ። አንድ አባት ሐጂ ይሁኑ ሼህ፣ መጋቢ ይሁኑ ፓስተር በግምት አይጻፍም። በመጨረሻዋ ሰዓት ደግሞ እሳቸው ቀርተው ተወካያቸው ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወደ መድረክ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ማን እንደገባ ጽፎ ያምጣልዎ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ተማምኖ የሌለን ሰው መጥራት፣ የተገኘውን ተወካይ ፊት ለፊቱ እንደሌለ መቁጠር ነው።

አዳማ ወይም ጅማ ከሆኑ በአፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ከሆኑ በሲዳምኛም ሰላምታ ይስጡ። በራስዎ አፍ የሚናገሩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ከአስተርጓሚ ገጽ ሙሉ ይበልጣል። የውጭ አገር እንግዶች ካሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምረው ወደ አማርኛው ይመለሱ፤ ሙሉ ንግግሩን ሁለት ጊዜ ማስደመጥ አያስፈልግም።

ሪባኑ፣ ምርቃቱና ዳቦው ከንግግሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። እንግዶች በር ላይ ሲሰበሰቡ የክብር እንግዳው ሪባን ይቆርጣሉ፤ ሁሉም ገብቶ ክፍሉን ዞሮ አይቶ ይቀመጣል። ሽማግሌ ይነሱና ይመርቃሉ። ከዚያ እርስዎ ይናገራሉ፤ ቀጥሎ የክብር እንግዳው። በመጨረሻ ዳቦው ተቆርሶ ማዕዱ ይከፈታል።

ምርቃቱን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሽማግሌው «ገበታው አይጉደል፣ ገቢው ወጪው በሰላም ይሁን» ሲሉና ቤቱ ሙሉ «አሜን» ሲል ጫጫታው በአንድ ጊዜ ይረግባል። እርስዎ በተረጋጋ ቤት ውስጥ ይናገራሉ። ሲመረቁ ግን ይቁሙ፤ ወረቀት አያገላብጡ፣ ስልክ አይንኩ። የተለያየ እምነት ያላቸው አባቶች ከተጋበዙ ከቀናት በፊት ሄደው ያማክሯቸው። አንድ የሁሉም ሽማግሌ ቢመርቁ ይሻላል የሚሉም፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደቂቃ እንውሰድ የሚሉም ገጥመውኛል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው መድረክ ላይ ድንገት መወሰን ነው።

ቀኑና ሰዓቱ ንግግሩን ይነካዋል?

በጣም። ረቡዕና አርብ ምሳ ሰዓት ላይ ከጋበዙ ከእንግዶችዎ ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የተሰናዳው ማዕድ ፊት ተቀምጠው ይመለከቱታል፤ እርስዎም «እባካችሁ ብሉ» ሲሉ ያሳቅቋቸዋል። በሁዳዴ 55 ቀናት ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ሥጋና ቅቤ የለም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ እንዲሁም ከጰራቅሊጦስ በኋላ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ያለውንም ይቁጠሩት።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብ እንኳ ስለማይጾም ለምረቃ ምቹ ነው። ችግሩ ሠርግም የሚበዛው ያኔ መሆኑ ነው። ድንኳን፣ የድምፅ መሣሪያ፣ ጥሩ አስተናጋጅና ተጨማሪ ወጥ ሠሪ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም።

ረመዳን ውስጥ ከገባ ፕሮግራሙን ወደ ማታ ይውሰዱት። ንግግርዎ ከመግሪብ አዛን በፊት ማለቅ አለበት። ቴምርና ውሃው አስቀድሞ በየጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ አዛን ሲሰማ የሚናገር ሰው መድረክ ላይ አይገኝ።

ስለ ምግቡ በንግግሩ ውስጥ ምን ልበል?

እንግዳ አዲስ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያስበው የትኛውን መብላት እንደሚችል ነው። ይህን ከእርስዎ አንደበት ቢሰማ ይረጋጋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም፤ ስለዚህ ቡፌው ላይ ምልክት መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ጽሑፍ ይወድቃል፣ ማንኪያ ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው ይዘላል።

በንግግሩ መጨረሻ ላይ ቦታውን በግልጽ ይናገሩ፦ «በመስኮቱ በኩል ያለው የሙስሊም ማዕድ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው የክርስቲያን፤ መሃል ላይ ያለው የጾም ነው፣ ቅቤና እንቁላል አልነካውም።» ይህን ለማለት ግን እውነት መሆን አለበት። የሙስሊሙ ሥጋ በሙስሊም የታረደ፣ በተለየ ድስት የተሠራ፣ በተለየ ቢላና መክተፊያ የተዘጋጀ፣ የሚያቀርበውም አስተናጋጅ ከሌላው መስመር ጋር የማይቀያየር መሆን ይኖርበታል። ከንግግሩ በፊት በነበረው ቀን ወጥ ቤት ገብተው በዓይንዎ ይዩት። ያልተለየ ነገር ካለ «ለይተናል» ከማለት ሥጋውን ትተው ለዚያ ወገን አሳና አትክልት ብቻ ማቅረብ ይሻላል፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ነው።

አሳን «የጾም» ብለው አይጥሩት። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ «አሳውም ለብቻው ተቀምጧል» ካሉ ውሳኔውን ለእንግዳው ይተዉለታል። የባሕር ዳር ሰው ቆሮሶውን ከአምባዛው ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ «የጣና አሳ» ብሎ ከማለፍ የትኛው እንደሆነ ይጥቀሱ።

ወጥ ቤቱ ንግግሩን መከታተል አለበት የሚሉት ለምንድን ነው?

የእርስዎ ንግግር በረዘመ ቁጥር ምግቡ ስለሚበላሽ ነው። ይህን ብዙ ባለቤቶች አያገናኙትም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

200 እንግዳ አለ እንበል። ፕሮግራሙ 5፡30 ይጀምራል ተብሎ 6፡15 ይጀመራል። ወጥ ቤቱ ካርዱን አይቶ ምግቡን 5፡30 ላይ ቡፌ ላይ ደርድሮታል። ማዕዱ የሚከፈተው 7፡00 ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ተኩል ውስጥ ተጠቅልሎ የተደረደረው እንጀራ ጠርዙ ይደርቃል። የተጠበሰው አሳ ክዳን ሥር በራሱ እንፋሎት ላልቶ ቅርፊቱን ያጣል። ክትፎው ቅቤው ረግቶ ነጭ ነጭ ይላል። የምግብ ማሞቂያው ቻፊንግ ሥር ያለው ነዳጅ ካለቀ ደግሞ ወጡ ለብ ይላል፤ ይህ ከጣዕምም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የምግብ ደህንነት መመሪያ ትኩስ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲቆይ፣ የበሰለ ምግብም ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ለብ ያለ ዶሮ ወጥ የበላ እንግዳ ማታ ቢያመው የሚያስታውሰው ንግግርዎን አይደለም።

መፍትሔው ወጥ ቤቱ በሰዓት ሳይሆን በንግግሩ እንዲመራ ማድረግ ነው። ንግግሩ ተጽፎ ሲያልቅ ሁለት ኮፒ ያትሙ፤ አንዱን ለዋና ሼፉ ይስጡ። ሦስት ቦታ ላይ አብራችሁ አስምሩ። ሽማግሌው ሲነሱ የቻፊንጉ ውሃ ይሞቃል፤ ባዶውን ነው፣ ምግብ ገና አይገባም። እርስዎ ጎረቤቶችን ማመስገን ሲጀምሩ ወጡ ከምድጃ ወደ ቻፊንግ ይወጣል። የክብር እንግዳው ማይክ ሲይዙ አሳው ዘይት ውስጥ ይገባል። እንጀራው ዳቦው እስኪቆረስ ድረስ እንደተሸፈነ ይቆይ። ክትፎን ቡፌ ላይ ባያወጡት ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ለጠየቀው እዚያው ጥሬውን ወይም ለብለቡን ያሰናዳለት።

የክብር እንግዳው ይረዝማሉ ብለው ከሠጉ የመድረክ መሪው በጨዋነት አስቀድሞ ይንገራቸው፦ «ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ሲጨርሱ ምግቡ ይወጣል።» ይህን ሰምቶ ያላሳጠረ ሰው አላየሁም።

ማንን ላመስግን? ማንም እንዳይቀየም ሁሉንም ልጥራ?

ሁሉን መጥራት አይቻልም፤ ሁሉ ሲጠራም የማንም ስም አይሰማም። ሰው የሚያስታውሰው ስሙ ከሠራው ሥራ ጋር ሲነገር ነው። «ሠራተኞቻችንን በሙሉ እናመሰግናለን» ከሚል ይልቅ ሆቴሉ ሲከፈት ጀምሮ ያለችውን ወጥ ሠሪ ስሟን ጠርተው፣ ግንባታው ወጥ ቤቱን ባፈረሰበት ክረምት በድንኳን ውስጥ ለእንግዳ ቁርስ እንዳላስቀረች ቢናገሩ ጭብጨባው ራሱ ይመሰክራል። ቀድመው ይንገሯት፤ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ትቁም።

ጎረቤቶች ይረሳሉ፤ መረሳት አልነበረባቸውም። አቧራውን፣ የሲሚንቶ መኪናውን፣ የሌሊቱን ኮንክሪት የቻሉት እነሱ ናቸው። በስም ካልተቻለ በሰፈርና በመንገድ ይጥሯቸው፤ ይቅርታም ይጠይቋቸው። የጥሪ ካርድ ሳይደርሳቸው በማይክ ማመስገን ግን ያሳዝናቸዋል፤ ድምፁ በአጥር ላይ ይሰማቸዋልና።

ባንኩን፣ ተቋራጩንና አማካሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያመስግኑ፤ የብድሩን መጠን አይናገሩ። ክፍያቸው ያልተጠናቀቀ ባለሙያ አዳራሹ ውስጥ ካለ ሂሳቡን ከምረቃው በፊት ይዝጉ።

«ዛሬ ሁሉም ነጻ ነው» ብዬ ብናገርስ?

ከካሸሩና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሳይስማሙ አይናገሩ። በአንድ ምረቃ ላይ ባለቤቱ በደስታ ተነሥተው «እስከ ነገ ማታ ቡናና ለስላሳ በነጻ ነው» አሉ። ማታውን የሰፈሩ ወጣት ሁሉ መጣ፤ ካሸሯ አልሰማችም፤ ሒሳብ ጠየቀች። በሁለተኛው ቀን ሰው የሚያወራው ስለ ቡናው ነጻነት ሳይሆን «ቃላቸውን አጠፉ» እየተባለ ነበር። ቅናሽ መስጠት ከፈለጉ መጠኑን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የትኛውን ምግብ እንደሚያካትት ጽፈው በካሸር ማሽኑ ላይ አስገብተው ከዚያ ይናገሩት።

ለጽዋ ማንሣትም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠጅና ወይን የማይጠጣ እንግዳ ብዙ ነው። ብርሌውም የብርቱካን ጭማቂውም አንድ ላይ በየጠረጴዛው ካለ «በያዛችሁት» ማለት ይቻላል።

ማይክና መብራት ቢያስቸግረኝስ?

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ቢሆንም ከመድረክ ሲታይ ይረዝማል። አይጩኹ፣ ዝም ብለው ፈገግ ብለው ይቁሙ፤ ድምፁ ሲመለስ ያቋረጡትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበሉት። ንግግሩን ከስልክ አያንብቡ፤ በትልቅ ፊደል በወረቀት ይታተም፣ በአንድ ወገን ብቻ። ሬስቶራንቱ ክፍት ወጥ ቤት ካለው የጭስ መሳቢያው ጩኸት በማይክ ይገባል፤ ከአንድ ቀን በፊት እሱን ከፍተው ይሞክሩት። ሐይቅ ዳር በረንዳ ላይ ከሆኑ ማይኩ ስፖንጅ ይልበስ።

ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው። ማን ይናገር?

ዋሽንግተንና ዱባይ ሆነው እዚህ ሆቴል ያሠሩ ሰዎች ይህን ይጠይቁኛል። የቪዲዮ መልእክት በቀጥታ ማስተላለፍ አልመክርም፤ ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ ቤቱ ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጣል። እዚህ ያለው ወንድም፣ እህት ወይም ሥራ አስኪያጅ በራሱ ቃል ይናገር፤ የባለቤቱን መልእክት በሁለት ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ያንብብ። «እሱ ቢኖር ኖሮ» እያሉ ንግግሩን ሁሉ ለሌለው ሰው መስጠት አይገባም፤ እንግዳው ፊቱ ያለ ጋባዥ ይፈልጋል።

አንድ ሙሉ ምሳሌ ያሳዩን?

ይኸው። ተናጋሪዋ የሆቴሉ ባለቤት ናቸው፤ ከተማው ባሕር ዳር፣ ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ነው። በቅንፍ ያለውን በራስዎ ይሙሉት።

«ክቡር ከንቲባችን፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤ ወደ ቤታችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። አባቴ፣ ስለ ምርቃቱ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደ ቃልዎ ይሁንልን።

አሁን የተቀመጣችሁበት ቦታ ድሮ አንሶላ የምናሰጣበት ጓሮ ነበር። የድሮ ደንበኞቻችን ታስታውሱታላችሁ፤ ሐይቁን ለማየት ገመዱን ጎንበስ ብላችሁ ታልፉ ነበር። ዛሬ ያንኑ ሐይቅ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁት ነው።

እዚህ የደረስነው ሰዎች ስለቻሉን ነው። ከኋላችን ባለው መንገድ የምትኖሩ ጎረቤቶቻችን፣ ክረምትና በጋ አቧራና ጭቃችንን ችላችኋል። ልጆቻችሁ የሚተኙበት ሰዓት ላይ ኮንክሪት የሞላንበት ሌሊት ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አመሰግናለሁም። (የወጥ ሠሪዋ ስም)፣ እስቲ ወዲህ ነይ። ወጥ ቤቱ ፈርሶ በድንኳን ስናበስል በዝናብ ሥር ቆማ አንድ ቀን ቁርስ አላስቀረችም። አዲሱን ወጥ ቤት ዛሬ ጠዋት የከፈተችው እሷ ናት። መሐንዲሶቻችንን፣ ግንበኞቻችንንና ያመነንን ባንክ አመሰግናለሁ።

ስለ ቤቱ ሦስት ነገር ልንገራችሁ። በስተግራ ያለው መግቢያ ደረጃ የለውም፤ አቅም ያነሳቸው እናቶቻችን በዚያ ይግቡ። የሙስሊም ማዕድ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ በርና የራሱ ዕቃ አለው፤ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜ። አሳችን ቆሮሶ ነው፤ በየጠዋቱ ከአስጋሪዎቻችን እንገዛዋለን፤ ያለቀ ቀን የቆየ አናቀርብላችሁም።

ክቡር ከንቲባችን ጥቂት ቃል ከተናገሩልን በኋላ ዳቦው ይቆረሳል። በመስኮቱ በኩል ያለው የሙስሊም ማዕድ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው የክርስቲያን፤ መሃል ላይ ሥጋና ቅቤ የሌለው አለ፤ አሳው ለብቻው ነው። ሳትጠግቡ እንዳትነሡ። ክቡር ከንቲባ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።»

ይህ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስም ለመጥራትና ለጭብጨባ ጊዜ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ካሬ ሜትር፣ ከሌላ ሆቴል ስለመብለጥ አንድም ቃል እንደሌለው ልብ ይበሉ፤ የሌሎቹ ሆቴሎች ባለቤቶችም እዚያው ተጋብዘው ተቀምጠዋል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ምን ላድርግ?

የክብር ጠረጴዛው ላይ ቶሎ አይቀመጡ። ሰልፉ ሲጀመር በየጠረጴዛው ይዙሩ፤ አረጋውያንን አስተናጋጅ እንዲያነሣላቸው ያድርጉ። በንግግሩ የጠሯቸው ጎረቤቶች መብላታቸውን ይዩ። ከባለሥልጣናት ጋር የመጡ ሹፌሮችና አጃቢዎች፣ የድምፅ ባለሙያው፣ የበር ጥበቃው ብዙ ጊዜ ቡፌው ካለቀ በኋላ ነው የሚታወሱት። የእነሱን ድርሻ ሼፉ ማዕዱ ከመከፈቱ በፊት ለይቶ ያስቀምጥ፤ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም።